ለዓይናዲስ የተሰጣት የቤተሰብ ስም

ምሳው ወርቅአገኘሁ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ «ስም እስከ አያት?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኖበት ነበር። ለቅሶ ቤት ከጎኑ የተቀመጠውን እንግዳ ሳይቀር ይጠይቃል። ሰቆጣ ውስጥ ይህን ጠባዩን የማያውቅ ጥቂት ነው። የሠፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ሳይጠይቃቸው ስማቸውን ከአባታቸው፣ ከአያታቸው፣ አንዳንዱም ከቅድመ አያቱ ጋር እየደረደሩ ይሮጣሉ። እሱም ከኋላቸው ቆሞ «ቅድመ አያት አልጠየቅኩም» ይላቸዋል።

ሥራው መመዝገብ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመዛግብት አያያዝ ተምሮ ሲመለስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲጀመር ደግሞ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት መዝገቡን እሱ ተረከበ። ወደ ቢሮው የሚመጣ ሰው «ከበደ ነኝ» ብሎ አያልፍም። የማን ከበደ? የከበደስ አባት የማን ልጅ? የልጅ ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ወረቀቱን ቀዶ እንደገና ይጽፋል። በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ገበሬ «ምሳው እኮ የምጽዓት ቀንም ቢሆን ስም እስከ አያት ሳያጣራ አያሳልፍም» እያለ ይስቃል፤ ይስቅና ይጠብቃል፤ ምክንያቱም የምሳው ወረቀት የትም ቢሄድ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

ሚስቱ ይታየሽ የሞተችው በጦርነቱ ዓመት ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣ የስኳር መድኃኒቷ ጠፍቶ፣ በሰቆጣ ፀሐይ ስር ቀስ በቀስ ደክማ ሞተች። ሰላም ወርዶ ቢሮው ሲከፈት የሞቷን መዝገብ የጻፈው ምሳው ራሱ ነው። ሌላ ሠራተኛ እንዲጽፍለት ቢለመንም እንቢ አለ። የሟች ሙሉ ስም፦ ይታየሽ ገብረ አምላክ ተገኝ። ጽፎ ሲጨርስ አነበበው። ትክክል ነው። ሚስት በአገራችን የአባቷን ስም ይዛ ታገባለች፣ የአባቷን ስም ይዛ ትቀበራለች። ይህን ለስንት ሙሽራ አስረድቷል። የዚያን ቀን ግን ወረቀቱን ቢያገላብጠው ከሚስቱ ስም ጋር የሱን ስም የሚያገናኝ ነገር አጣበት። «ያገባች» ይላል፤ ማንን እንዳገባች አይልም። አንድ ማዕድ ሲቆርሱ የኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ወረቀቱን ለማያውቃቸው ቢያሳዩት፣ ባዳ ናቸው። ይህ ነገር ውስጡ ገብቶ ቀረ። ለማንም አልተናገረውም።

ዓይናዲስ ወደ ቢሮው የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ይዟት የመጣው ወንዳወቅ ነበር፤ የሆስፒታሉ ነርስ፣ የምሳው የጎረቤት ልጅ። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣችው ሴት ወጣት ናት፤ ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። ከጎኗ ያለችው ልጇ እናትነሽ ትባላለች። ልጅቱ የቢሮውን ሦስት ደረጃ ወጥታ በሩ ላይ እጇን አስደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

«ጋሽ ምሳው፣ ይቺ ልጅ ልቧን ታማለች» አለ ወንዳወቅ። «ቶንሲሉ ሳይታከም ቆይቶ ልቧ ላይ ወጥቷል። በየወሩ መርፌ እየወጋኋት ነው፤ ግን የልቧ በር አልዘጋ ብሏል። ከጣሊያን የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ አይተዋታል። ወስደን እንጠግናለን ብለዋል።»

«አገር ውስጥ አይሆንም?»

«ወረፋው ረዥም ነው። እነዚህ አሁን ከወሰዷት በሩን ሳይለውጡ ሰፍተው ያስተካክሉታል። ከቆየ ግን ይበላሽና መጠገኑ ቀርቶ መለወጥ ይሆናል። የብረት በር ያስገቡባታል።»

«መለወጡስ ምን አለው?»

«ዕድሜ ልኳን ደም የሚያቀጥን ክኒን ትውጣለች። በየጊዜው ደሟ መለካት አለበት። ሰቆጣ ላይ መለኪያው ዛሬ ቢኖር ነገ የለም። አግብታ ልውለድ ያለች እንደሆነ ደግሞ ሌላ መከራ ነው።» ይህን ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ዓይናዲስ ግን ሰምታለች። ቀድሞም ነግሯታል።

የመጣው ቅጽ ሐኪሞቹን ያመጣው የእርዳታ ድርጅት ነበር፤ በእንግሊዝኛ። በዚያ ቅጽ ላይ በተጻፈው ስም ጣሊያን ያለው ሆስፒታል የጥሪ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በጥሪ ደብዳቤው ቪዛ ይጠየቃል። ፓስፖርቱን ደሴ ሄደው የሚያወጡት ገና ነው። የልጅቱን የልደት ምስክር ወረቀት የሰጠው ምሳው ስለሆነ፣ ቅጹንም እሱ ይሙላው ብሎ ወንዳወቅ አመጣለት።

የልጅቱ ቀላል ነበር። የመጠሪያ ስም፦ እናትነሽ ዓለምነህ። የቤተሰብ ስም፦ የሻምበል የሚባለው የአያቷ ስም። ፓስፖርት ላይም እንዲሁ ነው የሚወጣው፤ የራስና የአባት ስም በአንድ መስመር፣ የአያት ስም ለብቻው ሰርኔም፣ ማለትም የቤተሰብ ስም፣ በሚለው መስመር። ምሳው ይህን ያውቃል። አባቷ ዓለምነህ በጦርነቱ ስለሞተ ከልጅቱ ጋር የምትሄደው እናቷ ናት።

የእናቷ መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። የመጠሪያ ስም ይላል፤ የቤተሰብ ስም ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም የሚል ሳጥን አለ። የአባት ስም የሚል ሳጥን የለም። እኛ ያለን የአባት ስም ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባል ወደ ሚስት ሳይለወጥ የሚወርድ የቤት ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም እኛ የለንም።

«ሙሉ ስምሽ እስከ አያት?»

«ዓይናዲስ ምትኩ ገብረ አማኑኤል።»

«ከማግባትሽ በፊትስ? ስምሽ ተለውጧል?»

ሳቅ አለች፤ ቢሮው ከገባች የመጀመሪያዋ ነው። «ይለወጥ እንጂ አያ ምሳው። አባቴ ቤት ዝናሽ ነበርኩ። ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት አማቴ ናት ዓይናዲስ ያለችኝ። ለቤታችን አዲስ ዓይን መጣልን ብላ።»

«የአማቷንም ስም የራሷ አማት ናት ያወጣችላት» አለ ወንዳወቅ። «አሁንማ የድሮ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልቋል።»

በዋግ አማት ለምራቷ ስም ታወጣለች። ሴቲቱ የአባቷን ስም እንደያዘች የራሷን ስም ትለውጣለች። ፈረንጅ ሴት ደግሞ የራሷን ስም እንደያዘች የአባቷን ቤት ስም ትለውጣለች። ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑ ለምሳው ወዲያው ታየው። ባዶውን ሳጥን ግን ተመለከተ፤ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ይላል፤ ይቺ ሴት ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም አላት። ዝናሽ ብሎ ጻፈበት።

ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ላይ ተመለሰ። ገብረ አማኑኤል ብሎ ሊጽፍ ነበር። እጁ ወርዶ ፊደሉን ሳይነካ ቆመ። ልጅቱ የሻምበል፣ እናቷ ገብረ አማኑኤል። ወረቀቱን ላነበበ ፈረንጅ ባዳ ናቸው። በዚያች ሰዓት የታየው የይታየሽ የሞት ወረቀት ነው። እናትና ልጅስ በወረቀት እንኳ አንድ ቤት ይግቡ ብሎ አሰበ። ፈረንጆቹም የሚገባቸው ይኼ ነው ብሎ አሰበ። የቤተሰብ ስም፦ የሻምበል ብሎ በጥሩ እጅ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጣት።

ይህን ሲያደርግ ደስ ብሎት ነበር። በኋላ ሲያስታውሰው ከሁሉ የሚያሳፍረው ያ ደስታ ሆነ።

ዓይናዲስና ልጇ ደሴ ወርደው ፓስፖርት አወጡ። የፓስፖርት ሠራተኛው በመታወቂያዋና በልጅቱ የልደት ወረቀት ላይ ያለውን ስም ወስዶ፣ እንደ ደንቡ ዓይናዲስ ምትኩ አንድ መስመር፣ ገብረ አማኑኤል አንድ መስመር አደረገው። ጣሊያን ያለው ሆስፒታል ደግሞ ከቅጹ ገልብጦ፣ ዓይናዲስ የሻምበል፣ የቀድሞ ስም ዝናሽ ብሎ የጥሪ ደብዳቤ ላከ። ሁለቱ ወረቀቶች መጀመሪያ የተገናኙት ኤምባሲ መስኮት ላይ ነው።

ለምሳው የደወለለት ኤርምያስ የሚባል የድርጅቱ አስተባባሪ ነው፤ አዲስ አበባ የሚቀመጥ ትሑት ልጅ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺን ሴትዮ የሻምበል ያላት ማን ነው?»

ምሳው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ምን ተባለ?»

«የሻምበል የባሏ አባት አይደለም እንዴ? ፓስፖርቷ ገብረ አማኑኤል ይላል። ዝናሽ የሚባለው ደግሞ የትኛውም ወረቀቷ ላይ የለም። እናት ነኝ ብላ የሰው ልጅ ይዛ እንዳትወጣ ፈርተው መለሱት። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥማቸዋል።»

«የልጅቱ የልደት ወረቀት እኮ የእናትየዋን ስም በትክክል ይዟል። ዝምድናው የሚረጋገጠው በሱ ነው።»

«እኔም እሱን ነበር የምልዎት። ልደቱና ፓስፖርቱ ተስማምተው ነበር። ያጣላቸው ቅጹ ነው። የእናትና የልጅ ሰርኔም ባይገጥም ለኛ ሰው ማንም አይደነግጥም፤ ስንቱን ልከናል። አባትዬው ራሱ በሕይወት ቢኖርና ፓስፖርት ቢያወጣ የሱን አያት ነበር የሚይዘው፤ ከልጁ አይገጥምም።»

ምሳው ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት እየገባ አንድ ስም ከኋላ ይወድቃል። ለሌላ ሰው ሲያስረዳ የኖረው ነገር ነው።

«ደግሞ» አለ ኤርምያስ፣ «በእነዚያ ሐኪሞች አገር ሴት ብታገባም በሕጋዊ ወረቀት የአባቷን ቤት ስም እንደያዘች ነው። የባል ስም ማንም አልጠየቀንም ነበር።»

«ልጅቱስ?»

«የዚህ ዙር አልጋዋ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ቀጣዩን እንጠብቃለን። እስከዚያ ስሙን የሚያስተካክል ደብዳቤ ይላኩልን።»

ምሳው ለወንዳወቅ የስም ነገር ነው አለው። የማን ጥፋት እንደሆነ አላለውም። ወንዳወቅም አልጠየቀም፤ የምሳው ወረቀት ተመልሶ መጥቶ አያውቅማ።

ደብዳቤውን በዚያው ቀን ጻፈ። ለስም መለያየት ሁሉ የሚጻፍ የታወቀ ደብዳቤ አለ፤ ዓይናዲስ የሻምበልና ዓይናዲስ ምትኩ ገብረ አማኑኤል የተባሉት የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸውን እንገልጻለን ይላል። አንድም ውሸት የለበትም። ግን ሴትዮዋ በሁለቱም ስትጠራ ኖራለች ማለት ነው፤ ጥፋቱም የእሷ ነው ማለት ነው። ምሳው ይህን እያወቀ ፈረመ። አርሞ ሊጽፈው ይችል ነበር። «በመዝጋቢው ስሕተት» የሚል አንድ ሐረግ ነበር የጎደለው። ሐረጉን ግን ሲጽፍ የኖረው ስለ ሌሎች መዝጋቢዎች ነው።

ዓይናዲስ ደብዳቤውን ልትወስድ ስትመጣ ከአማቷ ቀፎ የተቆረጠ ነጭ ማር በማሰሮ ይዛ መጣች። «አማቴ ናት የላከችው። ስለ ልጃችን ደክመዋል» አለች። አይሆንም ቢል ለምን መባሉ አይቀርም። ተቀበለ። ቤቱ ወስዶ መደርደሪያ ላይ አኖረው። ክዳኑን አልከፈተውም። በመጣ በሄደ ቁጥር ያየዋል።

ክረምቱ ገባ። ኤምባሲው ሁለቱን ስሞች ለምን እንደተጠቀመች ታስረዳ ብሎ ዓይናዲስን ለቃለ መጠይቅ ጠራት። መንገዱ በየሳምንቱ ይዘጋል ይከፈታል፤ በመከራ አዲስ አበባ ደረሰች። የሆነውን ከኤርምያስ በስልክ የሰማው ወንዳወቅ ነው።

«ሌላ ስም ነበረሽ ወይ ሲሏት አዎን፣ ዝናሽ ነበርኩ አለች» አለ ቢሮው መጥቶ ሲነግረው። «ለምን ለወጥሽ ሲሏት አማቴ ለወጠችኝ። ፍርድ ቤት ነው ወይ? ኧረ ሠርግ ቤት ነው። የሻምበልስ? እሱማ አማቼ ነው፣ በስሙ ተጠርቼ አላውቅም። እውነቱን ነው የተናገረችው ጋሽ ምሳው። እውነቱን ስትናገር ደብዳቤዎ ውሸት ሆነ።»

ወንዳወቅ ይህን ሲል አላየውም። መስኮቱን ነበር የሚያየው። ምሳው ያን ጊዜ ገባው፤ ልጁ የማን ጥፋት እንደሆነ አውቋል።

«ልጅቱ እንዴት ናት?»

«እግሯ ያብጣል። ደረጃ አትወጣም አሁን።» ወንዳወቅ ተነሣ። «አሮጊቷ አማቷም አሳዘነችኝ። እኔ ነኝ በስም ጣጣ ያመጣሁባቸው ብላ ዓይናዲስ ብሎ መጥራቱን ትታለች። ዝናሽ ነው የምትላት። ምራቷም ተቀይማ አቤት አትላትም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ሳይጠራሩ እየኖሩ ነው።»

ምሳው ያን ቀን ሰልፉን ሳያስተናግድ ቢሮውን ዘጋ። የቤቱ መደርደሪያ ላይ ማሩ ክዳኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። ይታየሽ ብትኖር ምን ትለው ነበር? «ሰው የሚያርም ሰው ራሱን ሲያርም አላየሁም» ትለው ነበር በሕይወት ሳለች በቀልድ፤ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ ሲያደርግ፣ ቁልፍ ሲያጣ። የሱን ስም በወረቀቷ ላይ እንድትይዝ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። የጎደላት የሱ ስም ነበር እንዴ? ስሟን በፍቅር ያወጣላት አባቷ ነው፤ እሱም ይታየሽ ብሎ ሲጠራት ከየትም ትሰማው ነበር። ባዶ ሆኖ የተሰማው የሱ ቦታ ነበር። በራሱ ኀዘን የሰው ልጅ ወረቀት ሞላበት።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፈው። ዓይናዲስ ምትኩ ገብረ አማኑኤል የሻምበል በሚል ስም ተጠርታ አታውቅም። በኢትዮጵያ ሴት በጋብቻ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ የቤተሰብ ስም የሚባልም የለም፤ ሰርኔም ተብሎ የሚሞላው ፓስፖርቱ ላይ በዚያ መስመር ያለው የአያት ስም ነው፤ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም ለሚለውም ሌላ መልስ የላትም። ዝናሽ በባህል የተተካ የልጅነት መጠሪያዋ ነው። በቅጹ ላይ የተጻፈው ስም ሴትዮዋ ሳትጠይቅ መዝጋቢው በራሱ ፈቃድ የጨመረው ስሕተት ነው። ቀደም ብሎ የተላከው ደብዳቤም ይህን ደብቋል። ከሥሩ የራሱን ስም ጻፈ፤ ምሳው ወርቅአገኘሁ መንግሥቴ፤ እስከ አያት። ግልባጩን ለበላዮቹ ላከ።

ዓይናዲስን አስጠርቶ ደብዳቤውን በአማርኛ አነበበላት።

«እንዲያ ነው ለካ» አለች፣ «ስጠየቅ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ሳቁብኝ መሰለኝ። ውሸታም መስዬያቸው ነው የወጣሁ።»

«እንዲያ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ።»

«ለምን ይህን አደረጉ? ምን አደረግኩዎ?»

«ምንም። አንቺና ልጅሽ በወረቀት አንድ እንድትሆኑ ብዬ ነው።»

«እኔና ልጄ አንድ መሆናችን ጠፍቶን ያውቃል አያ ምሳው?» ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «ለእኔ ነገሩኝ፤ ይሁን። ለአማቴ ግን ይንገሯት። እኔ ብነግራት ላጽናናት ያልኩ ይመስላታል።»

ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ከሚመለሱት ገበሬዎች ጋር ወደ እነዓይናዲስ መንደር ወጣ። ማሩን ተሸክሟል። መንገዱ አቀበት ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ «ምሳው ዛሬ ማንን ልትመዘግብ ነው?» እያሉ ያልፉታል። አሮጊቷ ግቢዋ ውስጥ ባቄላ ትለቅማለች። እናትነሽ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ከልጅቱ ጋር በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ ስታወራ ቆይታ እንግዳ ስታይ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«አንተ ነህ ጸሐፊው? ቁጭ በል። ምንድን ነው የያዝከው?»

«ማር ነው እናቴ።»

ማሰሮዋን አወቀቻት። «የኔን ማር ለኔ? አልጣመህም?»

«አልቀመስኩትም። አይገባኝም ነበር።» ከዚያ ነገራት። ሳያሳጥር፣ ሳያስረዝም፣ ቅጹን የሞላው እሱ መሆኑን፣ ዝናሽ የሚለውን ያለቦታው ያስገባው እሱ መሆኑን፣ ከዚያም ደብዳቤ ጽፎ መደበቁን። «እርስዎ ያወጡላት ስም ምንም ጥፋት የለበትም። በመታወቂያዋም በፓስፖርቷም ያለው እሱ ነው። ያዳናት ቢኖር እሱ ነበር።»

አሮጊቷ ባቄላውን ትታ እጇን ታፋዋ ላይ አደረገች። «እኔ ሰው ቤቴ ሲገባ ነው ስም የማወጣ» አለች። «በእጄ ቅቤ ቀብቼ፣ ዓይኗን እያየሁ። አንተ ምኗ ሆነህ ነው?»

ምሳው ማሰሮዋን ከፊቷ አስቀመጠ።

«ይቺ ልጅ መርፌ ስትወጋ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ ነኝ። እሷ አታለቅስም። ክረምቱን ሙሉ ምን ብዬ ነው ያን ስም ያወጣሁ እያልኩ ነው ያደርኩ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን ተነሣ። ምራቴ ከአጥሩ ማዶ እንስሳ ታስገባለች፤ ጥራት። እኔ አፌ ተሳስሯል።»

ምሳው ተነሥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። በሥራ ዘመኑ ስም ሲጠራ እንዲያ የከበደው ጊዜ የለም።

«ዓይናዲስ።»

ከበጎቹ መካከል ቀና አለች። ማን እንደጠራት አየች። ከኋላው አማቷ መቆሟንም አየች። «አቤት» አለች፤ አማቷን ነበር እንጂ እሱን አልነበረም።

የበላዮቹ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት። ቀጣዩ ዙር ሲደርስ የጥሪ ደብዳቤው በትክክለኛው ስም ተጽፎ መጣ፤ ቪዛውም ተሰጠ። እናትነሽ ከእናቷ ጋር ሄደች። ወንዳወቅ ስልኩን ይዞ ሮጦ የመጣ ቀን ምሳው ጋብቻ እየመዘገበ ነበር።

«ከቀዶ ሕክምናው ወጣች። ደኅና ናት።»

«ሰፉት?»

ወንዳወቅ ዙሪያውን አየ። ሙሽሮቹ እያዩ ነው። «ደኅና ናት አልኩዎ እኮ» አለ። ቀጥሎ ዝቅ ብሎ «አልቻሉም። ለወጡት። አምና ቢሆን ይሰፋ ነበር ብለዋል» አለው።

ምሳው ወደ ሙሽሮቹ ተመለሰ። «ስም እስከ አያት» አለ፤ ሙሽሪት ነገረችው፤ ጻፈ። በሌላ ጊዜ ማንም እንደዚያ ፈዝዞ አይቶት አያውቅም።

እናትነሽ ዛሬ ትሮጣለች። ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፤ ደም መለኪያው ሰቆጣ ላይ ሲጠፋ ወንዳወቅ እየደወለ ይፈልግላታል፤ ካልሆነ እናቷ መኪና ተሳፍራ መለኪያው ወዳለበት ይዛት ትሄዳለች። መኪና ባልተገኘ ጊዜ ምሳው እንቅልፍ ያጣል። ከወንዳወቅ ጋር መለኪያው አለ የለም መባባል የዘወትር ሰላምታቸው ሆኗል። ስለሌላው ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ቤቱ የልደት ወረቀት ጠይቋት፣ የቀድሞው በመንገድ ብዛት ተበጣጥሶ፣ ግልባጭ ልትወስድ ከእናቷ ጋር መጣች። ዓይናዲስ ሰላምታ ሰጥታው ከሰልፉ ሰው ጋር ውጭ ስታወራ ልጅቱ ብቻዋን ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱን ደረጃ በሩጫ ነው የወጣችው።

ምሳው መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዶ ገጹን ሲፈልግ ቢሮው ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማ፤ የእጅ ሰዓት የመሰለ፣ ደቃቅ፣ የማያቋርጥ። እጁን ተመለከተ። ሰዓት አላሰረም። ግድግዳው ላይም ሰዓት የለም።

ልጅቱ እንደሰማ አየችው። «የኔ ነው፤ የልቤ በር» አለች። «ክፍል ውስጥ ፈተና ስንፈተን ልጆቹ አጥፊው ይሉኛል።»

«አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ካጠፋሁት ማን ያስኮርጃችኋል እላቸዋለሁ።» ሳቀች። «አያቴ ግን እሱን እየሰማች ነው የምትተኛ። ዝም ያለ እንደሆነ ቀስቅሺኝ ትለኛለች።»

ምሳው ገጹን አገኘው። በራሱ እጅ የተጻፈ ነው፤ የእናት ሙሉ ስም፦ ዓይናዲስ ምትኩ ገብረ አማኑኤል። አዲሱን ወረቀት ፊቱ አድርጎ ብዕሩን አነሣ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ጠየቃት፤ በሥራው ደንብ መጠየቅ አለበት።

«ስም እስከ አያት?»

«እናትነሽ» አለች፤ ድምፁ መታ፤ «ዓለምነህ» አለች፤ መታ፤ «የሻምበል።»

እያንዳንዱን ፊደል እያየ ጻፈው። እስኪጨርስ ቀና አላለም።